አንድ ገጽ የክስ መግለጫ፦ ያልተመለሰ የቤት ዲፖዚት እንደ ምሳሌ

በዋሽንግተን ዲሲ ሱፒሪየር ፍርድ ቤት ውስጥ የአነስተኛ ክሶችና የዕርቅ ክፍል የሚባል ችሎት አለ። ከ10,000 ዶላር ያልበለጠ የገንዘብ ጥያቄ ያለው ሰው ጠበቃ ሳይቀጥር ራሱ ሊከስበት ይችላል። ይህ ችሎት የሚያየው ገንዘብን ብቻ ነው። አከራይ ይቅርታ እንዲጠይቅ ወይም የሚያንጠባጥብ ቧንቧ እንዲጠግን እዚህ ማስወሰን አይቻልም። ክሱ የሚከፈተው የክስ መግለጫ በሚባል አጭር ቅጽ ሲሆን፣ ቅጹ ላይ ማን ማንን እንደሚከስ፣ ምን እንደተፈጸመና ስንት ዶላር እንደሚጠየቅ ይጻፋል። ለታሪኩ የተተወው ቦታ ጥቂት መስመር ነው፤ ካልበቃ ተጨማሪ ወረቀት ይያያዛል።

ያችን ገጽ የሚያነቧት ሰዎች አንድ ዓይነት አይደሉም። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ክሱ በዚህ ችሎት የሚታይ መሆኑን ይመለከትባታል። ተከሳሹ ምን እንደተባለበትና ምን ይዞ መቅረብ እንዳለበት ያውቅባታል። በመጀመሪያው ቀጠሮ ብዙውን ጊዜ ከዳኛው በፊት ሁለቱን ወገኖች የሚያነጋግረው አስማሚ ነው፤ እሱም ጉዳዩን የሚያውቀው በዚያች ገጽ ነው። ስምምነት ከጠፋ ዳኛው ይቀጥላል። አስማሚውም ዳኛውም በአንድ ቀን ብዙ መዝገብ ስለሚያዩ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሚያገኙት መልስ ሁለት ነው፦ ስንት ብር ነው የተጠየቀው፣ ያ ቁጥርስ ከየት መጣ? ጥሩ መግለጫ የሚባለው ይህን ያለ ጥያቄ የሚመልሰው ነው።

በዲሲና በአካባቢው ከሚኖሩ ሐበሾች ዘንድ እዚህ ችሎት ሊያደርስ የሚችል አንድ የታወቀ ነገር የቤት ኪራይ ዲፖዚት ነው። ተከራይ ቤቱን ለቆ ይወጣል፤ አከራዩ ቀለም አስቀባሁ፣ ምንጣፍ አስለወጥኩ ብሎ ገንዘቡን ያስቀራል። ጉዳዩ ትንሽ ቢመስልም የአንድ ወር ኪራይ ነው፤ አዲስ ቤት ለሚገባ ቤተሰብ ቀላል ገንዘብ አይደለም። የሚከተለው ማብራሪያ ይህን ጉዳይ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይከተላል። ተከራይዋ ለማስረጃ የተፈጠረች ናት፤ የዲሲው ደንብ ግን እንዳለ ነው። ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ደንቡ። በዲሲ አከራይ ከአንድ ወር ኪራይ የበለጠ ዲፖዚት መያዝ አይችልም። ተከራዩ ከወጣ በኋላ በ45 ቀን ውስጥ ከሁለት አንዱን ማድረግ አለበት፦ ዲፖዚቱን ከነወለዱ መመለስ፣ ወይም ገንዘቡን ለምን ዓይነት ወጪ ሊያስቀር እንዳሰበ በጽሑፍ ማስታወቅ። ማስታወቂያው በእጅ ወይም በአደራ ደብዳቤ የሚደርስ ነው። ካስታወቀ በኋላም በ30 ቀን ውስጥ የጥገናውንና የዋጋውን ዝርዝር ሰጥቶ የቀረውን ገንዘብ ይመልሳል። ይህን ሥርዓት ያልጠበቀ አከራይ ላይ፣ ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ፣ ተከራዩ ዲፖዚቱን በሙሉ የማግኘት መብት እንዳለው ይገመታል። በመደበኛ ኑሮ ምክንያት የሚመጣ ማርጀት ደግሞ የተከራይ ዕዳ አይደለም፤ በየቀኑ የሚረገጥ ምንጣፍ ይደበዝዛል፣ ግድግዳም ከጊዜ ብዛት ይወይባል።

ደንቡ ቀድሞ የሚታወቀው በመግለጫው ውስጥ አንቀጽ ለመጥቀስ አይደለም። የትኛው ቀንና የትኛው ወረቀት እንደሚያስፈልግ የሚነግረው እሱ ስለሆነ ነው። የ45 ቀኑን ነገር የማታውቅ ተከራይ አከራዩ ስልክ ዘግቶባት እንዴት እንደተናደደች ስትጽፍ፣ ቁልፍ ያስረከበችበትን ቀን ሳትጽፍ ልትቀር ትችላለች። ክሱ የቆመው ግን በዚያ ቀን ላይ ነው።

ተከራይዋ ባለ አንድ መኝታ ቤት ተከራይታ ሁለት ዓመት ኖራለች። መጻፍ ከመጀመሯ በፊት ያላትን ወረቀት ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ በቀን ቅደም ተከተል ትደረድራለች፦ የኪራይ ውሉን፣ ዲፖዚቱን በዜል የከፈለችበትን የባንክ መዝገብ፣ ስትገባና ስትወጣ ያነሳቻቸውን ፎቶዎች፣ የተለዋወጡትን ኢሜይልና የስልክ መልእክት። ቀኑ ከወረቀቱ ይወሰዳል እንጂ ከትዝታ አይወሰድም። ሰው «በክረምቱ መጨረሻ ነው የወጣሁት» ብሎ ያስታውሳል፤ ኢሜይሉ ደግሞ ኦገስት 31 ይላል። ትዝታና ወረቀት ሲጋጩ የተከሳሹ ወገን የሚይዘው ያችን ግጭት ነው፤ በቀን የተሳሳተች ከሳሽ በሌላውም ነገር አትታመንም ለማለት ይመቸዋል።

አማርኛ ተናጋሪ የሆነ ከሳሽ እዚህ ላይ ሁለት የራሱ ወጥመዶች አሉት። አንደኛው የቀን አጻጻፍ ነው። በእኛ ልማድ ቀኑ ከወሩ ይቀድማል፤ ኖቬምበር 4 ቀን በ4/11 ይጻፋል። አሜሪካዊ አንባቢ ግን ይህን ኤፕሪል 11 ብሎ ያነበዋል፤ ክሱም ተከራይዋ ገና ቤቱ ውስጥ እያለች የተጀመረ ይመስለዋል። መፍትሔው የወሩን ስም በፊደል መጻፍ ነው። ሁለተኛው ሰዓት ነው። በአማርኛ የተላላኩት መልእክት «ነገ በሦስት ሰዓት ቁልፉን አምጪ» የሚል ከሆነ፣ በቀጥታ ሲተረጎም የሌሊት ወይም የከሰዓት ሦስት ሰዓት ይሆናል፤ እውነቱ ግን ከጠዋቱ ዘጠኝ ሰዓት በአሜሪካ አቆጣጠር ነው። እንዲህ ያለው መልእክት በማስረጃነት ሲቀርብ ከትርጉሙ ጋር ይህ በአንድ መስመር መብራራት አለበት።

ቀጥሎ የሚጣራው ተከሳሹ ማን እንደሆነ ነው። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ልፋት ከንቱ የሚሆነው ግን እዚህ ላይ ነው። ተከራይዋ ለሁለት ዓመት ኪራይ ስትከፍል የኖረችው ለአንድ ሰው ነው፤ በአንቱታ ነው የምትጠራቸው፣ ቤቱም የእርሳቸው እንደሆነ ነው የምታውቀው። ውሉ ላይ ግን አከራይ ተብሎ የተጻፈው ኤልኤልሲ የሚል ቅጥያ ያለው ድርጅት ነው። ድርጅቱ ባለዕዳ ሆኖ ሳለ ግለሰቡ ብቻ ከተከሰሱ ክሱ ሊወድቅ ይችላል፤ ቢፈረድም ገንዘቡን ከድርጅቱ ማስፈጸም አይቻልም። ስለዚህ የድርጅቱ ስም በዲሲ የንግድ ምዝገባ ላይ እንደሰፈረው፣ ፊደል ሳይጎድል ይጻፋል። መጥሪያ የሚቀበልለት ወኪል ማን እንደሆነም ከዚያው መዝገብ ይገኛል። በከሳሽም በኩል ተመሳሳይ ነገር አለ፦ ውሉ ላይ የአያት ስም ተጽፎ፣ የባንክ ሒሳቡ በአባት ስም ከሆነ፣ ወይም ዲፖዚቱን የከፈለው የአክስት ልጅ ከሆነ፣ ሁለቱ ስሞች እንዴት እንደሚገናኙ መግለጫው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ተከራይዋ የከፈለችው ዲፖዚት 1,600 ዶላር ነበር። ከወጣች ከ65 ቀን በኋላ የ420 ዶላር ቼክ ደረሳት፤ አከራዩ በስልክ መልእክት ለቀለም 650፣ ለምንጣፍ 380፣ ለጽዳት 150 ዶላር መቁረጡን ነገራት። ሲደመር 1,180 ዶላር ነው፤ ከ1,600 ሲቀነስ 420 ይቀራል፤ ስለዚህ የአከራዩ ሒሳብ በራሱ ይገጥማል። ይህን ማረጋገጥ የመጀመሪያው ሥራ ነው፤ ሒሳቡ ባይገጥም ልዩነቱ ራሱ የክሱ አካል በሆነ ነበር። ቼኩ ላይ «የመጨረሻ ሙሉ ክፍያ» የሚል ቃል መኖር አለመኖሩም ይታያል። እንዲህ ያለ ቼክ አወዛጋቢ በሆነ ሒሳብ ላይ ከተመነዘረ ተከራይዋ በዚያው እንደተስማማች ሊቆጠርባት ይችላል። በዚህ ምሳሌ እንዲህ የሚል ነገር አልነበረም።

ታዲያ የሚጠየቀው 1,180 ነው? አይደለም። ተከራይዋ ስትኖር የመኝታ ቤቱን መስኮት ብላይንድ ሰብራለች፤ ተመሳሳዩ በሱቅ 45 ዶላር ነው። አከራዩ በዝርዝሩ ውስጥ አላነሳውም። ብዙ ሰው «እሱ ካላነሳው እኔ ምን አገባኝ» ይላል። የዲሲው ቅጽ ግን ከሳሹ የተጠየቀው ገንዘብ ተገቢና እውነተኛ መሆኑን፣ ለተከሳሹ የሚቀነስለት ሁሉ ከተቀነሰ በኋላ የቀረ መሆኑን ቃል ገብቶ እንዲፈርም ይጠይቃል። 45 ዶላሩን ደብቆ መፈረም ከዚያ ቃል ጋር አይሄድም። በጥቅምም ቢሆን መናገሩ ይሻላል። ዳኛው ራሷ ላይ የሚቆጠረውን የጻፈች ከሳሽ ስለ ምንጣፉ የምትለውን ለማመን ይቀርባል፤ አከራዩም በችሎት ቀን የተሰበረውን ብላይንድ እንደ ድንገተኛ ማስረጃ አውጥቶ ሊያሳፍራት አይችልም። ስለዚህ ቁጥሩ 1,600 ሲቀነስ 420፣ ሲቀነስ 45፣ 1,135 ዶላር ይሆናል።

የመዝገብ መክፈቻና የመጥሪያ ማድረሻ ወጪ ከዚህ ጋር አይቀላቀልም። የክስ ወጪ ተብሎ ለብቻው ይጠየቃል፤ የረታ ወገን ከተረታው ሊያገኘው የሚችለው ነው። ዲፖዚቱ ከ12 ወር በላይ ስለቆየ ወለድም አለው፤ መጠኑ ገንዘቡ በተቀመጠበት ባንክ የቁጠባ ወለድ የሚወሰን ስለሆነ ተከራይዋ ቁጥር ሳትገምት ሕጉ የሚፈቅደውን ወለድ ብላ ትጠይቃለች። ለፍርድ ቤት ስትመላለስ የቀረባት የሥራ ቀን፣ የደረሰባት ንዴትና ያጣችው እንቅልፍ ግን ቁጥር ተሰጥቷቸው እዚህ ድምር ውስጥ ሲገቡ ጉዳት ያመጣሉ። ሒሳቡ የሚታመነው እያንዳንዱ ዶላር ወረቀት ስላለው ነው፤ ወረቀት የሌለው አንድ 500 ዶላር ሲጨመርበት ሌላውም አብሮ ይጠረጠራል።

ሦስት እጥፍ የሚባለው ነገር በዚህ ላይ ይነሳል። የዲሲ ደንብ አከራዩ ዲፖዚቱን ያስቀረው ከቅን ልቦና ውጭ ከሆነ የቀረውን ገንዘብ ሦስት እጥፍ እንዲከፍል ይፈቅዳል። ይህ ወሬ በሰፊው ስለሚነገር ብዙ ተከራይ ከመነሻው 3,405 ዶላር ጽፎ ይገባል። ደንቡ ግን ቅን ልቦና ማጣትን ጠበብ አድርጎ ነው የሚያየው፦ መሠረት የሌለው እምቢታ ሆኖ፣ ማታለል፣ ማሳሳት፣ አለመታመን ወይም ከመጠን ያለፈ ራስ ወዳድነት ያነሳሳው መሆን አለበት። በስህተት ወይም ገንዘቡ ይገባኛል ብሎ ከልቡ አምኖ ያስቀረ አከራይ እዚህ ውስጥ አይገባም። መዘግየት ብቻውን ሦስት እጥፍ አያመጣም። አከራዩ ያልተቀባ ቤት ቀለም አስቀባሁ ብሎ ከሆነና ቀጣዩ ተከራይ ግድግዳው እንዳልተነካ የሚያሳይ ፎቶ ከሰጠ፣ ያ ሌላ ነገር ነው፤ ያን ጊዜ ፍሬ ነገሩ ይጻፍና ሦስት እጥፉ ይጠየቃል። በእኛ ምሳሌ እንዲህ ያለ ፍሬ ነገር ስለሌለ ተከራይዋ 1,135 ዶላር ጠይቃ ብትቆም ይሻላታል።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው የሚጻፈው። ተከራይዋ የመጀመሪያውን ረቂቅ በስሜት ብትጽፈው እንዲህ ይመስላል፦

«እኚህ ሰው እንደ አባት ነበር የማያቸው። አንድም ቀን ኪራይ አዘግይቼ አላውቅም። ስወጣ ቤቱን እንደ መስተዋት አጽድቼ ነው የወጣሁት፤ እሳቸው ግን ዕድሌን አይተው፣ ሰው የለኝም ብለው፣ ገንዘቤን በሉብኝ። ብደውል አያነሱም። ይሉኝታ ይዞኝ እስከዛሬ ዝም አልኩ፤ አሁን ግን መብቴ እንዲከበርልኝ እጠይቃለሁ።»

ይህ ከልብ የወጣ ነው፤ ሊሆንም የሚችል እውነት ነው። ነገር ግን ውስጡ አንድም ቀን የለም፤ አንድም ዶላር የለም። አስማሚው ካነበበው በኋላ ሁሉንም ከዜሮ መጠየቅ አለበት። «እንደ መስተዋት» የሚለው ደግሞ አደገኛ ነው። አከራዩ ያልተጠረገ የምድጃ ውስጥ ፎቶ ይዞ ከመጣ መስተዋቱ ይሰነጠቃል፤ ከእሱ ጋር ሌላውም ቃል ይሰነጠቃል። መግለጫው መናገር ያለበት ማሳየት የሚቻለውን ብቻ ነው። የተስተካከለው ይህን ይመስላል፦

«ከሳሽ በተከሳሽ ቤት ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2022 እስከ ኦገስት 31 ቀን 2024 በኪራይ ኖራለች (ሰነድ 1)። ኦገስት 27 ቀን 2022 ለተከሳሽ 1,600 ዶላር ዲፖዚት ከፍላለች (ሰነድ 2)። ኦገስት 31 ቀን 2024 ቁልፍ አስረክባ ወጥታለች፤ በዚያው ዕለት አዲሱን አድራሻዋን በኢሜይል ሰጥታለች (ሰነድ 3)።

የ45 ቀኑ ጊዜ ኦክቶበር 15 ቀን 2024 አበቃ። እስከዚያ ቀን ገንዘብም ሆነ የጽሑፍ ማስታወቂያ አልደረሳትም። ኖቬምበር 4 ቀን 2024 ተከሳሽ የ420 ዶላር ቼክ ላከ፤ በስልክ መልእክት ለቀለም 650፣ ለምንጣፍ 380፣ ለጽዳት 150 ዶላር መቁረጡን ገለጸ (ሰነድ 4)። ደረሰኝ አላያያዘም።

ምንጣፉ ከሳሽ ስትገባ በበሩ በኩል የደበዘዘ ነበር (ሰነድ 5)። ስትወጣ በግድግዳው ላይ ቀዳዳም ሆነ ቁሻሻ አልነበረም (ሰነድ 6)። ከሳሽ አንድ የመስኮት ብላይንድ ሰብራለች፤ መተኪያው 45 ዶላር ነው (ሰነድ 7)። ኖቬምበር 12 ቀን 2024 ቀሪውን ገንዘብ በጽሑፍ ጠይቃ መልስ አላገኘችም (ሰነድ 8)።

የሚጠየቀው፦ 1,600 ሲቀነስ 420፣ ሲቀነስ 45፣ 1,135 ዶላር፤ እንዲሁም ሕጉ የሚፈቅደው የዲፖዚት ወለድና የክሱ ወጪ።»

ሁለቱ ጽሑፎች ሲተያዩ የቀረው ነገር ጎልቶ ይታያል። አባት የሚለው የለም፤ ስለ ይሉኝታም አልተነገረም። የአከራዩ ባሕርይ በአንድ ቅጽል እንኳ አልተነካም። ደረሰኝ አላያያዘም የሚለው አጭር ዓረፍተ ነገር የመጀመሪያው ረቂቅ በሙሉ ያልሠራውን ይሠራል። ስለ ጽዳቱም ምንም አልተባለም፤ ምክንያቱም ተከራይዋ የምድጃውን ውስጥ የሚያሳይ ፎቶ የላትም። ዝም ማለቷ 150ውን አምናለች ማለት አይደለም፤ በድምሩ ውስጥ ጠይቃዋለች። ማስታወቂያው ከጊዜው በኋላ ስለመጣ ወጪውን በማስረጃ ማሳየት የአከራዩ ፈንታ ነው።

በመግለጫው ውስጥ እንደ ምሰሶ ሆኖ ያለው የኦክቶበር 15 ዓረፍተ ነገር ነው። ቀኑ እንዴት እንደተቆጠረ ማንም ሊያጣራው ይችላል፦ ከኦገስት 31 በኋላ ሴፕቴምበር 30 ቀን አለው፣ ከኦክቶበር 15 ሲጨመር 45 ይሞላል። ከዚያ በፊት ያለው የአድራሻ ኢሜይልም ያለ ምክንያት አልገባም። አከራዩ «የት እንዳለች ስለማላውቅ ማስታወቂያ መላክ አልቻልኩም» ሊል የሚችለውን በር ቀድሞ የሚዘጋው እሱ ነው። አዲሱን አድራሻ በስልክ ብቻ የተናገረ ተከራይ ይህ በር ክፍት ይቆይበታል።

ሰነዶቹ በመግለጫው በተጠቀሱበት ቅደም ተከተል ቁጥር ተሰጥቷቸው ይያያዛሉ። የስልክ መልእክት ፎቶ ሲነሳ የላኪው ስም ወይም ቁጥርና ቀኑ በአንድ ላይ መታየት አለባቸው፤ ቀኑ የተቆረጠ ምስል ዋጋው ግማሽ ነው። አርባ ፎቶ ከማያያዝ የደበዘዘውን ምንጣፍ ጠርቶ የሚያሳይ አንድ ፎቶ ይበልጣል። ቢያንስ ሦስት ቅጂ ይዘጋጃል፦ ለፍርድ ቤቱ፣ ለተከሳሹና ለራስ። ቀጠሮው በቪዲዮ ከሆነ ሰነዱ ቀድሞ እንዲደርስ ይላካል፤ ስልክን ወደ ካሜራ አዙሮ «ይኸው» ማለት ማስረጃ ማቅረብ አይደለም።

ፍርድ ቤቱ የሚሠራው በእንግሊዝኛ ስለሆነ መግለጫውና የሰነዶቹ ትርጉም በእንግሊዝኛ ይቀርባሉ። በችሎት ግን ለአማርኛ ተናጋሪ አስተርጓሚ በነጻ ይመደባል፤ ይህ ቀጠሮው ከመድረሱ በፊት ለመዝገብ ቤቱ መነገር አለበት። መጀመሪያ በአማርኛ ጽፎ ከዚያ ማስተርጎም ነገሩን ለማጥራት ይረዳል፤ ዓረፍተ ነገሩ አጭር ከሆነና በአንዱ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ካለ ተርጓሚው አይስትም። የሚፈርመው ግን ከሳሹ ነው። ስለዚህ እንግሊዝኛውን የሚያውቅ ዘመድ መልሶ በአማርኛ እንዲያነብለት ማድረግ ይገባል። ለማሳመር ተብሎ የገባች አንዲት ቃል፣ ለምሳሌ ዘገየ የሚለውን ሰረቀ ብሎ የተረጎመች፣ ባለቤቱ ያላለውን ቃል በፊርማው ታጸናበታለች።

ለአስማሚው ፊት ሌላ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ይህኛው ግን ለማንም አይሰጥም። ተከራይዋ በእሱ ላይ ሦስቱን ቅናሾች ከጠንካራው ወደ ደካማው ትደረድራለች። የቀለሙ 650 ጠንካራዋ ነው፤ የግድግዳው ፎቶ አላት፣ ሁለት ዓመት የኖረችበት ቀለም መደብዘዙም የተለመደ ነው። የምንጣፉ 380 ይከተላል፤ ስትገባ የተነሳው ፎቶ አለ፣ ምንጣፉ ስንት ዓመት እንዳገለገለ ግን አታውቅም። የጽዳቱ 150 ደካማዋ ነው። ከዚህ ተነስታ ሊቀበሉት የሚቻለውን ዝቅተኛ ቁጥር ቀድማ፣ በቤቷ፣ በረጋ ልብ ትወስናለች። ጽዳቱን ብትለቅ 985 ዶላር ይቀራታል፤ ከዚያ በታች ለመውረድ አዲስ ማስረጃ ማየት አለባት። ይህ ቁጥር በክስ መግለጫው ላይ ከተጻፈ ድርድሩ ከዚያ ጀምሮ ወደ ታች ስለሚሄድ ጨርሶ አይጻፍም።

በአገራችን የሽምግልና ልማድ ሽማግሌ ሁለቱንም ሰምቶ፣ ጥፋተኛውን ገሥጾ፣ የሚበጀውን ይወስናል። የዲሲው አስማሚ እንዲህ አያደርግም። ማን እንዳጠፋ አይናገርም፤ ውሳኔም አይሰጥም። ሁለቱ ካልተስማሙ መዝገቡን ወደ ዳኛው ይመልሳል፤ በዚያ ክፍል ለመስማማት ተብሎ የተነገረው ነገርም በዳኛው ፊት በማስረጃነት አይነሳም። «150ውን እተዋለሁ» ብላ ስምምነት ባይሳካ፣ ተከራይዋ በችሎት 1,135ቱን መጠየቋን መቀጠል ትችላለች።

ስምምነት ከተገኘ እሱም እንደ ክስ መግለጫው በቀንና በዶላር ይጻፋል። «አከራዩ ቀሪውን በቅርቡ ይከፍላሉ» የሚል ስምምነት አዲስ ጠብ ነው። ስንት ዶላር፣ እስከ የትኛው ቀን፣ በቼክ ነው በዜል፣ ቀኑ ካለፈ ምን እንደሚሆን፤ እነዚህ አራቱ ሳይጻፉ ፊርማ አይቀመጥም። ክሱም የሚዘጋው ገንዘቡ ከደረሰ በኋላ እንዲሆን ማድረግ ይቻላል።

ከሳሽ በቀጠሮው ቀን ካልቀረበ መዝገቡ ሊዘጋበት ይችላል፤ ያን ጊዜ የተጻፈው ገጽ ምንም ያህል ቢያምር አይናገርለትም። በዲሲ በውል ላይ የተመሠረተ የገንዘብ ጥያቄ ክስ የሚቀርብበት ጊዜ ሦስት ዓመት ነው፤ በዚህ ምሳሌ ከኦክቶበር 15 ቀን 2024 ቢቆጠር ኦክቶበር 2027 ላይ ያበቃል።